ታሪኩ ከአውቶቡሱ አይጀምርም

ከገጠር ተነሥቶ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ታሪክ እንዴት እንደሚጀምር ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። አውቶቡስ አለ። ጎህ ሳይቀድ የተሳፈረ ልጅ አለ። በመስኮቱ ወደ ኋላ የሚሸሽ ተራራና እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ የምትጠርግ እናት አለች። ቀጥሎ ላምበረት መናኸሪያ፣ ጩኸት፣ ሻንጣውን አቅፎ የቆመ ልጅ። ቀጥሎ ዶርም፣ በአነጋገሩ የሚስቁበት የከተማ ልጆች፣ አንዲት ቆንጆ፣ አንድ ኤፍ፣ አንድ ሌሊት ሙሉ ለቅሶ። መጨረሻ ላይ ጥቁር ጋውንና የእናት እልልታ። በአጭር ልቦለድ አንብበነዋል፣ በፊልም አይተነዋል፣ በምርቃት ሰሞን ደግሞ ፌስቡኩም ቲክቶኩም በእሱ ይሞላል።

እኔ ይህ ታሪክ ሰልችቶኛል። ውሸት ስለሆነ አይደለም። ከአንኮበር ገጠር በደብረ ብርሃን አድርጌ አዲስ አበባ የገባሁ ሰው ነኝና አውቶቡሱንም ዶርሙንም አውቃቸዋለሁ። የሚያናድደኝ የሚጀምርበት ቦታ ነው። ልጁ አውቶቡሱ ላይ ሲወጣ ዋናው ነገር ካለቀ ቆይቷል። ልጅነቱን የተሰናበተው ያን ቀን አይደለም፤ ከአራት ዓመት በፊት፣ አሥራ አራት ወይም አሥራ አምስት ዓመቱ ላይ፣ ዘጠነኛ ክፍል ለመማር ከቤቱ ሲወጣ ነው። ማን እንደሚያልፍና ማን እንደሚቀር የተወሰነውም በእነዚያ አራት ዓመታት ነው። ታሪኩን ከአውቶቡሱ የሚጀምር ጸሐፊ የሚያወራልን ስላለፈው ልጅ ብቻ ነው። የቀሩት ገጹ ላይ እንኳን አይደርሱም።

ስለዚህ ወደ ክፍሏ እንመለስ።

ክፍሏ

አንኮበር ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ሜዳውን አልፎ ከገደሉ አፍ ላይ ያደርሳችኋል፤ ከዚያ ወዲያ አገሩ ቁልቁል ወደ አፋር ይወርዳል። በዚህ አገር ብዙ ቀበሌዎች እስከ ስምንተኛ ክፍል ያስተምራሉ። ከዚያ በኋላ ልጁ ወይ ወደ ወረዳው ከተማ ወይ ወደ ደብረ ብርሃን መሄድ አለበት። ጠዋት ሄዶ ማታ የሚመለስበት ርቀት ስላልሆነ ቤት ይከራያል። አዎ፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ቤት ይከራያል።

ብዙውን ጊዜ የአንድ ቀበሌ ልጆች ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይይዛሉ። ጭቃ ቤት፣ አንድ ፍራሽ ወይም ሰሌን፣ ጥግ ላይ የዱቄት ማዳበሪያ፣ አንዲት አምፖል። አምፖሏን የሚያዘው አከራዩ ነው፤ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ “ልጆች፣ መብራት!” ከተባለ ጥናቱ አለቀ። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ እንኳን በጭቃ ቤት በግንብ ቤትም አይቻልም። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ከተማ መሆኗ አለምክንያት አይደለም።

አሁን ቁጥር እንቁጠር፤ የዚህ ታሪክ ልቡ ምግብ ነውና። አንድ ልጅ በቀን ሁለት እንጀራ ይብላ። በሳምንት አሥራ አራት ነው፤ ለሦስት ልጆች አርባ ሁለት። እሑድ ከሰዓት ይህ ስንቅ በእናቶች ጀርባ፣ በአህያ ወይም በመኪና ረዳት እጅ ይመጣል። የደጋ እንጀራ በአብዛኛው የገብስ ወይም የገብስና የስንዴ ቅልቅል ነው፤ ቶሎ ይደርቃል፣ ቶሎ ይሰነጣጠቃል፣ በአራተኛው ቀን ገደማ ደግሞ ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ያወጣል። ስለዚህ ሳምንቱ የራሱ ሥርዓት አለው። እስከ ረቡዕ እንጀራ በሽሮ ነው። ሐሙስ የተረፈው ሳይሻግት ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል። ዓርብና ቅዳሜ ቆሎና በሶ ነው። ደግነቱ ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ ወጥ የለም ብሎ የሚያፍር የለም።

ይህንን የማወራው እንድታዝኑልን አይደለም፤ ውጤቱን እንድታዩት ነው። ዓርብ ጠዋት ሒሳብ የሚማረው ልጅና ሰኞ ጠዋት ሒሳብ የሚማረው ልጅ አንድ ልጅ አይደለም። ሰኞ የበላ ነው፣ ዓርብ በቆሎ የቆየ ነው። ዝናብ መንገዱን ከቆረጠው ወይም እናት ከታመመች ደግሞ ስንቁ አይመጣም፤ ያኔ ልጁ ረቡዕ ላይ ደብተሩን አስቀምጦ ወደ ቤት በእግሩ ይነሣል።

ከዚያኛው ጫፍ ደግሞ ቤተሰቡ አለ። እናት ለራሷ ቤት ከምትጋግረው ላይ አሥራ አራት እንጀራ ትጨምራለች፤ ያ ማለት ተጨማሪ ኩበት፣ ተጨማሪ ውኃ፣ ተጨማሪ ግማሽ ቀን ነው። ኪራዩ ከእንቁላልና ከዶሮ፣ ከበረታም ከበግ ይወጣል። ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ስታበዛ ሠራተኛውም በዛ፣ ኪራዩም አብሮ ወጣ፤ የእንቁላሉ ዋጋ ግን አብሮት አይሮጥም። አባት ደግሞ የሚያጣው ጉልበት ነው። የመኸር አጨዳ ሲደርስ “ለሦስት ቀን ብቻ ናና እርዳኝ” ይላል። አንኮበር በልግም ስለሚያመርት ጥሪው በዓመት አንዴ ብቻ አይመጣም። ሦስት ቀኑ ሳምንት ይሆናል፤ ሳምንቱ አንድ የፊዚክስ ምዕራፍ ነው።

እኛ ክፍል ውስጥ ማን ሊያቋርጥ እንደሆነ አስቀድመን እናውቅ ነበር። መጀመሪያ ሰኞ ይቀራል፤ እሑድ ስንቁ ስላልተዘጋጀ ነው። ቀጥሎ ዓርብም ይቀራል፤ ሳምንቱን አሳጥሮ መሄድ ጀምሯል ማለት ነው። የመጨረሻው ምልክት ግን አይስትም። ደብተሩን ይዞ ወደ አገሩ የሄደ ልጅ ይመለሳል፤ ብርድ ልብሱን ይዞ የሄደ አይመለስም። አብሮን ከነበሩት አንዱ፣ በሒሳብ ከሁላችንም የሚበልጠው፣ አሥረኛ ክፍል ጥር ላይ ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ ሄደ። አልተሰናበተንም። ማንም ስለ እሱ አጭር ልቦለድ አልጻፈም፤ አውቶቡስ ላይ አልወጣማ!

እሷስ?

የአውቶቡሱ ታሪክ ዋና ገጸ ባሕርይ ሁሌም ወንድ መሆኑን አስተውላችኋል? ሴቷ በታሪኩ ውስጥ ወይ እናት ናት፣ ወይ የከተማዋ ቆንጆ፣ ወይ “ስመለስ አገባሻለሁ” ተብላ አገር ቤት የምትቀር። ምክንያቱ የጸሐፊዎቹ ፆታ ብቻ አይደለም። ከክፍሏ ውስጥም የሚመጣ ምክንያት አለ።

ወንዱ ከጓደኞቹ ጋር ሲከራይ ቤተሰቡ የሚጨነቀው ስለ ኪራዩ ነው። ሴቷ ስትከራይ የሚጨነቁት ስለ በሩ መቆለፊያ፣ ስለ አከራዩ ወንድ ልጅ፣ ማታ ስለምትመጣበት መንገድ ነው። ጭንቀቱ ደግሞ ባዶ አይደለም። ስለዚህ ብዙዎቹ “ዘመድ ቤት” ይላካሉ። ዘመድ ቤት ማለት ኪራይ የማይከፈልበት ቤት ማለት አይደለም፤ ኪራዩ በጉልበት የሚከፈልበት ቤት ማለት ነው። ውኃ ትቀዳለች፣ ትጋግራለች፣ ሕፃን ታዝላለች፣ እንግዳ ሲመጣ ቡና ታፈላለች። “ትምህርትሽስ?” ቢሏት “እየተማርኩ ነው እትዬ” ትላለች፤ እውነቷንም ነው፣ በተረፋት ሰዓት ትማራለች። ከወንድሟ ጋር ከተከራየችም ማን ሽሮ እንደሚሠራ መገመት አያቅታችሁም።

በዚህ ላይ ሰዓቱ ይቆጥራል። ወንዱ አንድ ዓመት ቢደግም ደገመ ነው የሚባለው። እሷ ብትደግም አገር ቤት አንድ ሽማግሌ ይላካል። ስለዚህ እሷ የመውደቅ ዕድል እንኳን አልተሰጣትም፤ በተረፋት ሰዓት አጥንታ በአንድ ጊዜ ማለፍ አለባት። የአውቶቡሱ ታሪክ ወንድ የሆነው አውቶቡሱ ላይ የሚደርሰው ወንድ ስለሚበዛ ነው። ጸሐፊው ደግሞ ይህንን “ለምን?” ብሎ አልጠየቀም።

“ጎበዝ ስለነበርኩ ነው”

አውቶቡሱ ላይ የተጀመረ ታሪክ የግድ አንድ ትርጉም ይዞ ይመጣል፤ ልጁ ያለፈው ጎበዝ ስለነበር ነው የሚል። ከክፍሏ የተጀመረ ታሪክ ግን ልጁን ማን እንደያዘው ይጠይቃል።

የጥንቶቹ ይህንን አይደብቁም ነበር። የሰሜን ሸዋን ልጅ ካነሣን ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን እንመልከት። ሰያ ደብር የተወለዱ የገጠር ልጅ ናቸው። ሐረር ሄደው ከራስ መኮንን ቤት አደጉ፣ በልጅነታቸው ከሠራዊቱ ጋር አድዋ ዘመቱ፣ ከዚያ ሌዎንቲየፍ ከሚባለው ሩሲያዊ ጋር ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ። በኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እሳቸው ናቸው። ሕይወታቸውን የጻፉበት መጽሐፍም አለ። ከዚህ መንገድ ውስጥ አንዱን ሰው አውጡት፦ ራስ መኮንን ከሌሉ ሐረር የለም፣ ሌዎንቲየፍ ከሌለ ሩሲያ የለም። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በ1941 ዓ.ም. ባሳተሙት “አርአያ” ልብ ወለድም ወጣቱ ወደ ውጭ አገር ትምህርት የሚሄደው ሰው እጁን ይዞት ነው። የገጠር ልጅ ዝም ብሎ አይሄድም። አንድ እጅ አለ፣ እጁም ይታያል።

በእኛ ዘመን ራስ መኮንን የሉም። እጁ ግን አልጠፋም፤ ስሙ ተቀየረ እንጂ። አሥራ አራት እንጀራ ሆነ፣ የእንቁላል ብር ሆነ፣ በአጨዳ ሰሞን “ግድየለም፣ ተማር፤ እኔው እወጣዋለሁ” ያለ አባት ሆነ። አንዳንዴ ታላቅ እህት ትሆናለች፤ ታናሿ እንዲማር ስምንተኛ ላይ የቆመች። እኛ ግን ጋውን ለብሰን ፎቶ ስንለጥፍ “በልፋቴና በፈጣሪ እርዳታ” ብለን እንጽፋለን። እህትየው በሁለቱ መካከል ጠፋች። የበለጠ ክፋቱ ደግሞ የተገላቢጦሹ ነው፤ እኔ ያለፍኩት ጎበዝ ስለሆንኩ ከሆነ፣ ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ የሄደው ሰነፍ ስለሆነ ነው ማለት ነዋ! እሱ ግን ሰነፍ አልነበረም። እናቱ ሞተችበት፤ የሚጋግርለት አልነበረም። ታሪኩ ይኸው ነው።

አዲሱ አውቶቡስ

“ይህ የድሮ ወሬ ነው” የሚለኝ ይኖራል። አይደለም፤ እንዲያውም አሁን አውቶቡሱ ራሱ ተቀይሯል፣ ጸሐፊዎቻችን ግን አላዩትም።

ከ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ጀመረ። ዩኒቨርሲቲ ለመግባትም ግማሹን፣ 50 በመቶውን ማምጣት ግድ ሆነ። በመጀመሪያው ዙር ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተፈተኑ፤ ግማሹን ያመጡት 30 ሺህ ገደማ ናቸው፣ 3.3 በመቶ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,100 በላይ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ አለፈ። ከግማሽ በታች ካመጡት የተሻሉት ሬሜዲያል ይገባሉ፤ የቀረው ወደ ቤቱ ነው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ሰው ላይ እዩት። የአክስቴ ልጅ በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ተፈተነች። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ስለሆነ የተዘጋጀላቸው አውቶቡስ ወሰዳቸው። እናቷ አለቀሰች፤ ተራራው በመስኮት ወደ ኋላ ሸሸ። በሩ ላይ ተፈተሸች፣ ስልክ አይገባም ተባለች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ተደራራቢ አልጋ ላይ ተኛች፣ ካፌ ተሰልፋ በላች፣ ቤተ መጻሕፍቱን ከውጭ አየችው። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ዓርብን ጨምሮ፣ የሚበላበትና መብራቱን አከራይ የማያጠፋበት ቦታ አገኘች። ከዚያ ፈተናው አልቆ አውቶቡሱ መለሳት። በዚያው ወር በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ውጤቱ በመስከረም መጨረሻ ሲመጣ አገሩ ጦርነት ውስጥ ነበር። አላለፈችም፤ ሬሜዲያልም አልደረሳትም። አሁን ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ትሠራለች። አንድ ቀን እየሳቀች “እኔም እኮ ዩኒቨርሲቲ ገብቻለሁ፤ ለአራት ቀን” አለችኝ።

የዘመናችን የገጠር ተማሪ ታሪክ ይህ ነው። ከመቶ ዘጠና አምስት፣ ዘጠና ሰባት የሚሆነው በዚያ አውቶቡስ ሄዶ በዚያው ተመልሷል። እኛ ደግሞ እስካሁን የምንጽፈው ላምበረት ስለወረደው ነው። ያ ልጅ ራሱ ዛሬ ላምበረት መውረዱ እርግጠኛ አይደለም፤ ምደባው ጅማ ወይም ጎንደር ሊያደርሰው ይችላል፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ በላዩ ላይ የራሱን የመግቢያ ፈተና ጨምሯል።

“ፈተናው ሐቀኛ ስለሆነ ነው”

በጣም የሚሰማው መልስ ይህ ነው፤ ድሮ ይኮረጅ ነበር፣ አሁን እውነቱ ወጣ። እኔ ኩረጃ ይመለስ አልልም። ፈተና በቴሌግራም ሲወጣ የተጎዳው ስልክም ኔትወርክም ያልነበረው የእኛ አገር ልጅ ነበር። ግን ሐቀኛ ሚዛን የሚነግራችሁ ክብደቱን ነው፤ ለምን እንደከሳ አይነግራችሁም።

ፍንጭ ከፈለጋችሁ እዚያው ውጤት ውስጥ አለ። ያን ዓመት ጎልተው የወጡት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ናቸው። አዎ፣ ተማሪዎቻቸውን መርጠው ነው የሚቀበሉት፤ ይህን ማንም አይክድም። ግን አዳሪ ትምህርት ቤት ማለት ምን ማለት ነው? አልጋ፣ ሦስት ጊዜ ምግብ፣ ማታ መብራት፣ በአጨዳ ሰሞን ማንም የማይጠራህ ቦታ። ከላይ ያወራኋትን ክፍል አስታውሱና የጎደላትን አንድ በአንድ ቁጠሩ፤ ዝርዝሩ ያው ነው። መንግሥት መፍትሔውን አያውቅም ማለት አይቻልም፤ ለጥቂቶች ሠርቶታል። የትምህርት ቤት ምገባ የሚባለውም ቢሆን በአብዛኛው የታችኛውን ክፍል ተማሪ የሚመለከት ነው። ልጁ ከእናቱ ጓዳ ርቆ በጣም በሚርበው በዘጠነኛ ክፍል “አሁን አድገሃል” ይባላል።

ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ለባለሥልጣኑ ነው፤ ገጠር ልጅ የሚማርበት እያንዳንዱ የወረዳ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አጠገብ መኝታና የቀን አንድ ጊዜ ትኩስ ምግብ፣ መጀመሪያ ለሴቶቹ። ቁልፍ ያለው በርና ማታ የማይጠፋ አምፖል። ከዚያ በኋላ ፈተናችሁን የፈለጋችሁትን ያህል አጥብቁት።

ሁለተኛው ለእኛ፣ ለምንጽፈው ነው። አውቶቡሱን ለጊዜው ተዉት። እሑድ ከሰዓት ደብረ ብርሃን ላይ ማዳበሪያ ተሸክማ የመኪና ረዳት የምትለምነውን እናት ጻፉ። ዘመድ ቤት ሕፃን አዝላ ኬሚስትሪ የምታነበዋን ጻፉ። ለአራት ቀን ዩኒቨርሲቲ ገብታ የተመለሰችዋን ጻፉ፤ በየቀበሌው አለች፣ ብትጠይቋት ታወራለች። ጥር ላይ ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ የሄደውንም ጻፉ። ያለፍነው ስለ ራሳችን በቂ ተናግረናል።